«ትንሽ ነገር ብቻ ናት» ለሚል ደንበኛ ምን ተብሎ ይመለሳል?

«ልጄ፣ አንዲት ትንሽ ነገር አስቤ ነበር።» እንዲህ የሚል የቴሌግራም መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው የሚመጣው። ዌብሳይት የሚሠራ፣ አርማ የሚነድፍ፣ የሠርግ ካርድ የሚያዘጋጅ ወይም የኪችን ካቢኔት የሚገጥም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለመጀመሪያዋ ትንሽ ነገር ሠሪው «እሺ፣ ችግር የለም» ይላል። ለሁለተኛዋም እንደዚያው። አራተኛዋ ስትመጣ መልእክቱን አንብቦ እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ ስድስተኛዋ ላይ ስልክ አያነሳም። ደንበኛው ደግሞ ቀብድ በልቶ የጠፋ ሰው ያጋጠመው ይመስለዋል። ሁለቱም ተበድያለሁ ባይ ሆነው ይለያያሉ።

በእኔ እይታ ጥፋቱ ያለው የመጀመሪያዋ «እሺ» ላይ ነው። ዋጋና ቀን ያልተነገረባት እሺ ለቀጣዮቹ ሁሉ ዋጋ ታወጣላቸዋለች፤ ዋጋቸውም ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ የሚጠይቅ ሠሪ በደንበኛው ዓይን ጠባዩ የተለወጠ ሰው ነው።

ነገሩን በአንድ ጉዳይ እንየው። ሰዎቹን ለማስረዳት ብዬ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ግን በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት እናት አዲስ አበባ ያለ ወጣት ዌብሳይት እንዲሠራላቸው ተስማሙ። በወረቀት የያዙት ይህ ነው፦ አምስት ገጽ፣ የክፍሎቹ ፎቶ፣ እንግዳ ክፍል የሚጠይቅበት ቅጽ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ዲዛይኑ ከታየ በኋላ ሁለት ዙር ማስተካከያ። ጊዜው 30 የሥራ ቀን፣ ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ሳይጨምር 180,000 ብር። ቀብዱ 40 በመቶ፣ ማለትም 72,000 ብር ነው፤ ቀሪው ዲዛይኑ ሲጸድቅና ሥራው ሲያልቅ በሁለት ይከፈላል።

በሁለተኛው ሳምንት ወጣቱ የመጀመሪያውን ናሙና ላከላቸው። ጥያቄዎቹ መምጣት የጀመሩት ያኔ ነው፤ ይህም አያስገርምም። ሰው ያላየውን ነገር በሐሳቡ ሊለካው አይችልም። ወይዘሮዋ ቅጹን ከፍተው «ሴፕቴምበር» የሚል ሲያዩ ለመስቀል የሚመጡት የአገር ውስጥ እንግዶቻቸው ትዝ አሏቸው። እነዚያ እንግዶች «መስከረም 17 እንገባለን» ነው የሚሉት። ስለዚህ ደወሉ፦ «ልጄ፣ ቀኑን በኛ አቆጣጠር አድርግልኝማ፤ ለአንተ ቀላል ነው።»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። መጀመሪያ ያልተናገሩት ተንኮል ስላሰቡ አይደለም፤ አልታያቸውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ «ቀድሞ አልነገሩኝም እኮ» ብሎ መጀመር ወቀሳ ነው፤ ወቀሳ ደግሞ ከዋጋ ንግግር ጋር ከተቀላቀለ ዋጋው ቅጣት ይመስላል።

መልስ ከመጻፉ በፊት ግን ወጣቱ ለራሱ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ይህ ለውጥ ከየት መጣ? እሱ ራሱ አሳስቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ የክፍል ዋጋ ተሳስቶ ከጻፈ፣ ወይም ቅጹ በስልክ ላይ አልከፈት ካለ፣ ስለ ዋጋ አይነሳም፤ ይቅርታ ጠይቆ በዚያው ቀን ያስተካክላል። አዲስ ነገር ከሆነ ዋጋና ቀን ይወጣለታል። አስቸጋሪው መሃል ላይ ያለው ነው። ወረቀቱ «የክፍሎቹ ፎቶ» ይላል፤ ለአንድ ክፍል ሦስት ፎቶ ነው ወይስ አሥር? ወረቀቱ ካልተናገረ ለትንሹ ነገር ለደንበኛው ብናደላ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ወረቀቱን የጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ሠሪው ነው፤ ክፍተቱንም የተወው እሱ ነው። ዋናው ነገር ያደላበትን መናገሩ ነው። «ወረቀታችን ላይ ግልጽ አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ክፍል እስከ ስድስት ፎቶ አስገባለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እንነጋገር» ሲል ክፍተቱ ተዘጋ።

የቀን አቆጣጠሩ ግን አዲስ ሥራ ነው፤ ወረቀቱም የሚያዝዘው እንግሊዝኛ ገጽ ነው። ይህ ሥራ ከውጭ ሲታይ የአንድ ቃል ለውጥ ስለሚመስል ዋጋውን ለማስረዳት ሠሪው ውስጡን ማወቅ አለበት። ለቅጾች የሚያገለግሉት ዝግጁ የቀን መምረጫዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለአሥራ ሁለት ወር ነው። የኛ ዓመት አሥራ ሦስት ወር አለው፤ ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ቀጣዩ መስከረም 1 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ በሌላው ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው። 2016 ዓ.ም. የገባው እንዲህ በሴፕቴምበር 12 ነበር። ይህን የዘነጋ ስሌት በዚያ ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉንም ቀን በአንድ ያሳስታል፤ እንግዳው ለመስከረም 17 የያዘው ክፍል በመዝገብ ላይ ለ16 ወይም ለ18 ተይዞ ይገኛል።

ሰዓቱም አለ። «መግቢያ 8 ሰዓት» የሚለውን ባሕር ዳር ያለ ሰው ከቀትር በኋላ ብሎ ይረዳዋል፤ ከውጭ የሚመጣው ደግሞ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ይገኛል። ስለዚህ አዋቂ ሠሪ ቀኑን ከሥር በፈረንጆች አቆጣጠር ያስቀምጥና ለእንግዳው ብቻ ቀይሮ ያሳየዋል፤ በማረጋገጫው ላይም ሁለቱንም ይጽፋል። ለውጡ የሚነካው ቅጹን፣ የማረጋገጫ መልእክቱን፣ ክፍል መኖር አለመኖሩን የሚያጣራውን ክፍልና ሠራተኞች የሚያዩትን ዝርዝር ነው። ይህ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ የጳጉሜንና የዓመት መባቻን ቀናት አንድ በአንድ ለመፈተሽ ሌላ አንድ ቀን። በድምሩ አራት ቀን ነው።

ዋጋውን ከየት ያመጣዋል? ከራሱ ከውሉ። 180,000 ብርን ለ30 ቀን ሲያካፍል ለቀን 6,000 ብር ይደርሰዋል፤ አራት ቀን 24,000 ብር፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመርበት 27,600 ብር። ለለውጥ ሥራ ከፍ ያለ የቀን ዋጋ የሚጠይቁ አሉ፤ የተያዘ ሥራ ስለሚያቋርጥ ምክንያት አያጡም። ለመጀመሪያ ለውጥ ግን ያንኑ የውሉን ዋጋ መያዝ ጥሩ ነው፤ ደንበኛዋ ራሳቸው አካፍለው ሊደርሱበት የሚችሉት ቁጥር ጭቅጭቅ አያስነሳም።

አሁን መልሱ። ጥያቄው በስልክ የመጣ ቢሆንም መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ «አስቤበት ማታ እጽፍልዎታለሁ» ማለት በቂ ነው። በስልክ ላይ ዋጋ መጥራት ለይሉኝታ በር ይከፍታል፦ በዕድሜ ከሚበልጥ ሰው ጋር እያወራ ቁጥሩ ከአፉ ሳይወጣ ቀንሶ የሚናገር ብዙ ነው። ማታ የጻፈው ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንደምን አመሹ። ዛሬ በስልክ የነገሩኝን በትክክል ይዤው እንደሆነ ልጻፍልዎ። እንግዶችዎ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲመርጡ፣ ማረጋገጫውም በሁለቱም አቆጣጠር እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ። ለመስቀል ለሚመጡት እንግዶችዎ በእርግጥ ይጠቅማል።

በሥራ ዝርዝራችን ተራ ቁጥር 3 ላይ የያዝነው በእንግሊዝኛና በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠራ ቅጽ ስለሆነ ይህ ተጨማሪ ሥራ ነው። አራት የሥራ ቀን ይወስዳል። ዋጋው 24,000 ብር፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 27,600 ብር ነው። የማስረከቢያው ቀን ከዓርብ ሰኔ 20 ወደ ሐሙስ ሰኔ 26 ይዛወራል።

አሁኑኑ እንድጨምረው ከፈለጉ «ተስማምቻለሁ» ብለው ይጻፉልኝ። ወይም ዌብሳይቱን በሰኔ 20 አስረክቤዎት ይህን በኋላ ለብቻው ልንሠራው እንችላለን። እስከ ረቡዕ ማታ ያሳውቁኝ፤ እስከዚያ በዝርዝሩ ያለውን ሥራ እቀጥላለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «አይሆንም» የሚል ቃል የለም፤ «እሺ» የሚልም የለም። ትሕትናው የተቀመጠበትን ቦታ ልብ ይበሉ። ሰላምታው ላይ አለ፤ ጥያቄያቸውን በራሳቸው አነጋገር መልሶ በመጻፉ ላይ አለ፤ ጥቅሙን በማመኑ ላይ አለ። ቁጥሮቹ ባሉበት አንቀጽ ግን «ይቅርታ»፣ «ካላስቸገርኩዎት»፣ «ምናልባት ወደ 24 ሺህ አካባቢ» የሚል አልገባም። ዋጋ ይቅርታ ከተጠየቀበት ጥፋት ይመስላል፤ «አካባቢ» ከተባለ ደግሞ አንባቢው ዝቅተኛውን ይይዛል።

ሌላው ቀኑ ነው። ሠሪዎች ዋጋውን አንስተው ቀኑን ይረሳሉ። ደንበኛው ተጨማሪውን ከፍሎም ሥራውን በቀድሞው ቀን ይጠብቃል፤ ሠሪው ደግሞ በዘገየ ሰው ስም ይጠራል። «በዝርዝሩ ያለውን እቀጥላለሁ» የሚለውም ዝም ብሎ አልገባም፤ ጥያቄ መጠየቅ ሥራ እንደማያስቆም፣ ግን ካልተስማሙ በስተቀር አዲሱ ሥራ እንደማይጀመር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

የቤት ኮንትራክተሮች ይህን ሁሉ ቀድመው ያውቁታል። በትልልቅ ግንባታዎች ላይ ግድግዳ ካለበት ሲነሳ «ቫሪዬሽን» ተብሎ በጽሑፍ ይታዘዛል፣ ይፈረማል፣ ይከፈላል። በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሥራ ግን ሲሚንቶና ብሎኬት ስለማይታይበት ለውጡ ነፃ ይመስላል።

ወይዘሮዋ ምን መለሱ? የሚጠበቀውን። «ውይ ልጄ፣ ለአንድ ቀን መቁጠሪያ 27 ሺህ? ስንት ሰው አመጣልሃለሁ እኮ!» እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚወድቀው። ዋጋውን ወደ 15 ሺህ ዝቅ ቢያደርገው ሁለት ነገር አስተማራቸው፦ የመጀመሪያው ቁጥር እውነተኛ እንዳልነበረ፣ ቀጣዩም እንደሚወርድ። የሚያዛልቀው ሥራውን መቀነስ ነው። «ገብቶኛል እትዬ። በጀቱ ካልፈቀደ አነስ ያለ መንገድ አለ። በቅጹ ላይ እንግዳው ቀኑን በአማርኛ የሚጽፍበት አንድ ባዶ ቦታ ልጨምር፤ ሠራተኛዎ አይተው ይመዘግቡታል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ 3,000 ብር፣ ከታክስ ጋር 3,450። ጉድለቱ፣ ክፍሉ የተያዘ መሆኑን ዌብሳይቱ በራሱ አያውቅም፤ ሠራተኛው ማጣራት አለበት።» የቀን ዋጋው ያው 6,000 ነው። ጉድለቱንም አልሸሸገም፤ ሁለት እንግዳ ለአንድ ክፍል በር ላይ ሲገናኙ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ታውቋል።

ስለሚያመጡለት ሰው ምንም አልመለሰም። እንዲህ ያለው ተስፋ ሲመጣ ማመስገን እንጂ በዋጋ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም።

አንዳንዴ በነፃ መሥራት ደስ ይላል፤ ጥሩ ደንበኛ ናቸው፣ ነገሩም የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ይሁን። ግን በሂሳብ ማቅረቢያው ላይ ይግባ፦ «የመኪና ማቆሚያ ካርታ መጨመር፣ 1,500 ብር፤ ቅናሽ 1,500 ብር።» ያልተጻፈ ስጦታ በሁለተኛው ሳምንት መብት ይሆናል፤ የተጻፈው ስጦታ እንደሆነ ይቀራል።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ጥያቄ መጣ፦ እንግዶች በቴሌብር ቅድሚያ እንዲከፍሉ። የዚህ መልስ አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክፍያ ከዌብሳይት ጋር ለማገናኘት ነጋዴዋ ራሳቸው በንግድ ፈቃዳቸውና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸው ከአገልግሎት ሰጪው ጋር መመዝገብ አለባቸው፤ ወጣቱ ሥራውን የሚጀምረው የመገናኛ ቁልፎቹ ከተሰጡት በኋላ ነው። ስለዚህ በእጁ ያለውንና በእጁ የሌለውን ለይቶ ይጽፋል፦ «የእኔ ሥራ አምስት ቀን ነው፣ የሚቆጠረውም ቁልፎቹ ከደረሱኝ ማግስት ጀምሮ ነው። ምዝገባው ስንት ቀን እንደሚወስድ ልነግርዎ አልችልም፤ ለማስረከቢያው ቀን እንዳንታሰር ይህን ለብቻው እንያዘው።» የሌላውን መሥሪያ ቤት ቀን በራሱ ቃል የገባ ሠሪ ያልሠራው ጥፋት ባለዕዳ ይሆናል።

በዚሁ መሃል ቨርጂኒያ የሚኖሩት ወንድማቸው በቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ ገቡ። እሳቸው ያዩት የአሜሪካ ሆቴል ዌብሳይት ነው፤ የፊተኛው ገጽ ቪዲዮ እንዲሆን ይፈልጋሉ። እህታቸው ደግሞ ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ቀደም ብለው አሳስበዋል። ሠሪው ለሁለቱም «እሺ» ካለ በቤተሰብ ክርክር መሃል ገባ። አንዱን ከደገፈም እንደዚያው። ለወንድምየው በአክብሮት መልስ ሰጥቶ ውሳኔውን ወደ ውል ተቀባይዋ ይመልሰዋል፦ «ጋሼ፣ ስላዩልን አመሰግናለሁ። ሐሳቡን ይዤዋለሁ። የሥራ ዝርዝሩን የፈረምነው ከእትዬ ጋር ስለሆነ፣ ተነጋግራችሁ እሳቸው ሲጽፉልኝ ዋጋውንና ቀኑን አዘጋጅቼ እልካለሁ።» ከዚያ በኋላ በቡድኑ ውስጥ ስለ ቪዲዮው አይከራከርም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ወረቀት ካለ ነው። በቃል ብቻ ለተጀመረ ሥራ መድኃኒቱ፣ የመጀመሪያዋ ለውጥ ስትመጣ ለውጧን ከመመለስ በፊት «እስካሁን የተስማማንበት እንደሚከተለው ነው፤ የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ» ብሎ ጽፎ ማረጋገጫ መቀበል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚያስገድድ ይናገራል። ያም ቢሆን በ27 ሺህ ብር ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም፤ ወረቀቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለቱም የተባባሉትን እንዳይረሱ ነው።

የማይሆንበትም ጊዜ አለ። ወይዘሮዋ ዋጋውንም፣ አነስተኛውን መንገድም፣ በኋላ መሥራቱንም እምቢ ብለው «መጀመሪያ ነግሬህ ነበር፤ በዚያው ዋጋ ጨርስልኝ» ካሉ፣ ወጣቱ አንድ ጊዜ ተራ ቁጥር 3ን ጠቅሶ በትሕትና ይመልሳል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከመጣ አይከራከርም። ሂሳቡን አይቶ መለያየትንም አንድ አማራጭ አድርጎ ያቀርባል። 12 ቀን ሠርቶ ከሆነ በ6,000 ብር 72,000 ይሆናል፤ የተቀበለው ቀብድም 72,000 ነው። «እትዬ፣ በዚህ ላይ ሳንስማማ ብንቀጥል ሁለታችንም እንከፋለን። እስከ ዛሬ የሠራሁት ከከፈሉኝ ቀብድ ጋር እኩል ነው፤ በመካከላችን ዕዳ የለም። በተስማማንበት ዝርዝር ልጨርስልዎ ዝግጁ ነኝ። ለሌላ ባለሙያ መስጠት ከመረጡም እስካሁን ያለውን ፋይል፣ ፎቶውንና የይለፍ ቃሎቹን ዓርብ እልክልዎታለሁ፤ ለሚረከበው ልጅም አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ አሳየዋለሁ።»